የፕሌስቴሽን ዋን ጌም በስልክ፦ ባዮሱ፣ ሲዲውና ሕጉ

ጥያቄ፦ «አንድሮይድ ስልኬ ላይ የፕሌስቴሽን ዋን ኢሙሌተር ጫንኩ። ‹ባዮስ የለም› ይለኛል። ባዮሱንና ጌሞቹን ከየት ላውርድ? ሕገ ወጥ ነው የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ኢሙሌተሩ ራሱ ችግር የለበትም። ጣጣው ያለው ልታወርዳቸው ባሰብካቸው ሁለቱ ነገሮች ላይ ነው።

የፕሌስቴሽን ዋን ጌም የተጻፈው ሚፕስ ለሚባል ፕሮሰሰር ነው። የስልክህ ፕሮሰሰር ደግሞ አርም ነው፤ የሚፕስን ትእዛዝ አያውቅም። ኢሙሌተሩ መሀል ገብቶ ያስተረጉማል። የጌሙን ትእዛዝ በቁራጭ በቁራጭ ወደ አርም ይለውጥና ያስቀምጠዋል፤ ያው ቁራጭ ሲደገም የተቀመጠውን ያወጣል። የድሮው ማሽን ፍጥነት 34 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ራሙ 2 ሜጋባይት ነበር። ስለዚህ ርካሽ ስልክም አያቅተውም። ከበደው ግን መጀመሪያ የሚነግርህ ድምፁ ነው። ምስሉ ደህና መስሎ ድምፁ ከተንጫጫ፣ የባትሪ ቆጣቢውን አጥፋና እንደገና ሞክር።

ባዮስ የሚባለው ማሽኑ ውስጥ የነበረ 512 ኪሎባይት ፕሮግራም ነው። ጌሙ ሲዲ ለማንበብና ሜሞሪ ካርድ ላይ ለማስቀመጥ እሱን ይጠራል። ባለቤቱ ሶኒ ነው። ከድረ ገጽ ማውረድ የሌላ ሰው ፕሮግራም ያለ ፈቃድ መውሰድ ነው፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ አይቀልም። ግን የግድ አያስፈልግህም። ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ የያዘው ሬትሮአርክ የሚባል አፕ አለ፤ እዚያ ላይ `PCSX ReARMed` የሚለውን ኢሙሌተር፣ በአፑ አጠራር ኮር፣ ምረጥ። ባዮስ ካላገኘ በራሱ በተሠራ ምትክ ይነሳል። አንዳንድ ጌም ላይ ይደርቃል ወይም ሜሞሪ ካርድ ላይ ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ ግን ይሠራሉ።

በራስ የተሠራ ምትክ ሕጋዊ ነው ወይ ካልክ፣ ሶኒ ራሱ ኮኔክቲክስ የሚባል ድርጅት ከስሶ ነበር። ድርጅቱ የፕሌስቴሽን ጌም በማኪንቶሽ የሚያጫውት ፕሮግራም ሠርቶ ይሸጥ ነበር። የባዮሱን አሠራር ያጠናው ባዮሱን ገልብጦ ቢሆንም፣ ለገበያ ያወጣው ግን ራሱ የጻፈውን ኮድ ነው። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ለኮኔክቲክስ ፈረደ።

ወደ ጌሙ እንምጣ። ንጹሑ መንገድ የራስህን ሲዲ መገልበጥ ነው። ሲዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ኢምግበርን የሚባለውን የሲዲ መገልበጫ ፕሮግራም ጫን፣ `Create image file from disc` በል። ሁለት ፋይል ይሰጥሃል፤ `bin` ዋናው ዳታ፣ `cue` ደግሞ ማውጫው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስሙን አሳጥራለሁ ብሎ `bin`ኑን ብቻ ይቀይርና ጌሙ እምቢ ይላል። `cue`ውን በጽሑፍ መክፈቻ ብትከፍተው የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦

```
FILE "ridge.bin" BINARY
```

እዚያ ያለው ስም ከፋይሉ ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ከኢሙሌተሩም የምትከፍተው `cue`ውን ነው። ሪጅ ሬሰርን ውሰድ፤ የጌሙ ዳታ የመጀመሪያው ትራክ ላይ ነው፣ ሙዚቃው ግን ልክ እንደ ዘፈን ሲዲ በተከታዮቹ ትራኮች ላይ ተቀምጧል። ዳታውን ብቻ ወስደህ `iso` ካደረግከው መኪናው ይነዳል፣ ሙዚቃ ግን የለም። ጌሙ እየሄደ ሙዚቃው ዝም ካለ ሌላ ሴቲንግ አትነካካ፤ መጀመሪያ ትራኮቹን ፈልግ።

በሕግ በኩል፣ የኛ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ሕጋዊ ባለቤት፣ ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ብሎ አንድ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ ይፈቅዳል። የአሜሪካ ሕግም ተመሳሳይ ነገር አለው። ቁልፉ «ሕጋዊ ባለቤት» የሚለው ነው። እኛ ፕሌስቴሽን ቤት የተጫወትንባቸው ሲዲዎች ብዙዎቹ ቺፕ በተገጠመለት ማሽን የሚሠሩ ኮፒዎች ነበሩ። የኮፒ ኮፒ ሕጋዊ መጠባበቂያ አይሆንም። ኦሪጅናሉ በአብዛኛው ጀርባው ጥቁር ነው፤ ብርማ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ጠርጥር። ሲዲውን ከሸጥክ ወይም ለሌላ ሰው ከሰጠህም ቅጂውን ማጥፋት አለብህ።

«24 ሰዓት ይዘህ ብታጠፋው ችግር የለውም» የሚባለው ወሬ ነው፤ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። «ከገበያ ወጥቷል» ማለትም አያድንም። አሜሪካ ውስጥ ድርጅት ያሠራው ሥራ መብቱ ከታተመ ጀምሮ 95 ዓመት ይቆያል። ፕሌስቴሽን ዋን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ነገሩ ይከብዳል። የኒንቴንዶ ስዊች ጌም በቁልፍ የተመሰጠረ ነው፤ ገልብጦ ለማጫወት ቁልፉን መስበር ግድ ይላል፣ እሱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ዩዙ የተባለውን ኢሙሌተር የሠሩት ሰዎች በ2024 ኒንቴንዶ ከሷቸው 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ ሥራውንም ዘጉ። የፕሌስቴሽን ዋን ሲዲ ግን ዳታው ስላልተመሰጠረ ተራ ሲዲ ማንበቢያ ያነበዋል።

ገልብጠህ እምቢ ካለህ የ`cue`ውን ጽሑፍ እዚህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ። የማውረጃ ሊንክ ግን ኢንቦክስም አትጠይቀኝ።