ሁለት ቁልፍ በእጅ እያለ ገንዘቡ የሚቆለፍበት ምክንያት

ጥያቄ፦ «ቢትኮይኔን ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ በሚፈርሙበት መልቲሲግ ላስቀምጥ ነው። የሦስቱንም ሃርድዌር ዋሌት 24 ቃላት ጽፌ ሦስት ቦታ ካኖርሁ ይበቃል ወይ?»

አይበቃም፤ የጎደለውን ነገር እኔ ያወቅሁት ገንዘቤን ላጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

አንዱን ዋሌት ደብረ ማርቆስ ቤቴ፣ ሁለተኛውን ባሕር ዳር እኅቴ ዘንድ፣ ሦስተኛውን ፍኖተ ሰላም አጎቴ ዘንድ፣ እያንዳንዱን ከቃላቱ ወረቀት ጋር አኑሬ ነበር። በክረምት የአጎቴ ቤት ጣሪያ አፈሰሰና በእስክሪብቶ የተጻፈው ወረቀት ታጥቦ የማይነበብ ሆነ። ሁለቱ ስላሉኝ አልደነገጥሁም። ይሁን እንጂ የዋሌቱ ፋይል የነበረበት ላፕቶፕ ቀደም ብሎ ተበላሽቶ ስለነበር፣ በአዲስ ኮምፒውተር ስፓሮው በሚባለው የዋሌት ፕሮግራም ላይ ሁለቱን ቁልፎች ሳስገባ ፕሮግራሙ ሦስተኛውን ካላገኘሁ አልቀጥልም አለኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የመልቲሲግ አድራሻ የሚሠራው ከሦስቱም ፐብሊክ ኪ ነው። ለመፈረም ሁለት ቢበቁም፣ ገንዘቡ ሲወጣ ሦስቱም ፐብሊክ ኪ ያሉበት ስክሪፕት መቅረብ አለበት፤ ወጪ ተደርጎበት በማያውቅ አድራሻ ላይ ደግሞ ብሎክቼኑ የያዘው የስክሪፕቱን ሃሽ ብቻ ስለሆነ፣ ከሃሹ ተነሥቶ የጎደለውን ማግኘት አይቻልም። የሁለቱ ዋሌቶች ቃላትም የየራሳቸውን እንጂ የሦስተኛውን ፐብሊክ ኪ አያወጡም። እኔን ያዳነኝ፣ ወረቀቱ ቢጠፋም መሣሪያው ራሱ በፒን መከፈቱ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሄጄ የሦስተኛውን ቁልፍ ፐብሊክ ኪዎች ሁሉ የሚያስገኘውን xpub የሚባለውን ጽሑፍ አወጣሁና፣ ወዲያው በአዲስ ሦስተኛ ቁልፍ ሌላ መልቲሲግ ሠርቼ ገንዘቡን ሁሉ ወደዚያ አዛወርሁ። መሣሪያውም በውኃው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ መፍትሔ አልነበረም።

ስለዚህ ከቃላቱ ጋር ዲስክሪፕተሩንም፣ ማለትም የሦስቱንም xpub እና ስንት ቁልፍ መፈረም እንዳለበት የያዘውን ጽሑፍ፣ ያስቀምጡ። መልኩ ይህን ይመስላል፦

```
wsh(sortedmulti(2,[..]xpub1,[..]xpub2,[..]xpub3))
```

ስፓሮው ይህን በፋይልም በፒዲኤፍም ያወጣልዎታል። አንድ አንድ ቅጂ በሦስቱም ቦታ ይኑር። ዲስክሪፕተሩን ያገኘ ሰው መፈረም አይችልም፤ ነገር ግን ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ ያያልና በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ፈጽሞ አይላኩት። ቃላቱን ግን ከወረቀት ይልቅ በማይዝግ ብረት ላይ ራስዎ በፊደል መምቻ ቢቀርጿቸው ይሻላል፤ የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ስለሚበቁ ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ለብረት ሠራተኛ ግን አይስጡት።

ትልቁን ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት ጥቂት ብቻ ይላኩና የመጀመሪያውን መቀበያ አድራሻ ጽፈው ይያዙ። ከዚያ በሁለት መሣሪያዎች ላይ ያለውን ሁሉ ሰርዘው ከጻፏቸው ቃላት ይመልሷቸው፣ ሦስተኛውን ሳይነኩ ዲስክሪፕተሩን በሌላ ኮምፒውተር ይጫኑ። አድራሻው በኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው ስክሪን ላይም ፊደል በፊደል ከያዙት ጋር ከገጠመ፣ ያችን ጥቂት ገንዘብ በሁለቱ ፈርመው ያውጧት። ካልወጣች ስሕተቱ ከመጠባበቂያው ሊሆን ይችላልና፣ እስኪታረም ድረስ ቀሪውን አያስገቡ።