ከፍቅር ፊልም በኋላ ምን እንነጋገር? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ባለቤቴ በየምሽቱ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ታያለች። «ብትወደኝ ኖሮ ሳልነግርህ ታውቅልኝ ነበር» ማለት ከጀመረች ሰነበተች። ቴሌቪዥኑን ልሽጠው?

መልስ፦ ቴሌቪዥኑ ይቆይ። በድራማው ውስጥ ባልየው የሚስቱን ሐሳብ ሳትነግረው የሚያውቀው ደራሲው ስለነገረው ነው፤ እርስዎ ግን ደራሲ የለዎትም። ይልቅ አብረው ይዩና ሲያበቃ «እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ እንዴት ታረቁ? እኛስ?» ብለው ይነጋገሩ። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሮግ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ወር ውስጥ 5 ፊልሞችን አይተው ከእያንዳንዱ በኋላ ስለ ራሳቸው ትዳር የተወያዩ ጥንዶች በ3 ዓመት ውስጥ 11 በመቶ ሲለያዩ፣ እንዲህ ያላደረጉት ግን 24 በመቶ ተለያይተዋል። ፊልሞቹ ግን ስለ መተጫጨት ሳይሆን ስለ ትዳር ኑሮ የሚተርኩ ነበሩ።

ጥያቄ (መሀል ሜዳ)፦ ጥፋቱ የውጭ ፊልም ነው እንጂ የእኛዎቹ ባህላችንን ስለሚጠብቁ አያሳስቱም።

መልስ፦ በከፊል ልክ ነዎት፤ በፊልሞቹ የምናየው ቅንጦት በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚላክበት የአገራችን ፊልምም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሰርጉ ላይ ያበቃል፤ የቤት ኪራዩ፣ የልጁ ሕመምና የአማት ጉዳይ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ «አልፈልግህም» ያልኩት ልጅ በየቀኑ ሥራ ቦታዬ በር ላይ ይቆማል። ጓደኞቼ «እንዲህ የሚወድ ከየት ይገኛል?» ይሉኛል። ልበ ደረቅ ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም። ጓደኞችሽ ምናልባት ደጋግመው ያዩትን ትዕይንት እያሰቡ ነው፦ የተከለከለው ወጣት በዝናብ ውስጥ ከልጅቷ መስኮት ሥር ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል፣ በመጨረሻም ወርዳ ታቅፈዋለች። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ሙዚቃውን አጥፍተሽ ተመልከቺው። ካሜራው የሚያሳየን የእሱን እንባ እንጂ እሷ በሩን ዘግታ የተሰማትን ስጋት አይደለም፤ እምቢታዋም ታልፎ የሚሄድ መሰናክል ተደርጎ ቀርቧል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ጁሊያ ሊፕማን ባደረጉት ጥናት፣ እንዲህ ያለውን ክትትል እንደ ፍቅር አድርጎ የሚያቀርብ ፊልም ያዩ ሴቶች፣ አስፈሪ አድርጎ የሚያቀርበውን ካዩት ይልቅ ክትትልን አቅልሎ ወደ ማየት አዘንብለው ተገኝተዋል። አንቺ አንድ ጊዜ በግልጽ ከነገርሽው በቂ ነው። ለቤተሰብሽና ለአሠሪሽ አሳውቂ፤ ከዛተ ወይም መንገድ ላይ ከተከተለሽ ለፖሊስ አመልክቺ።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ፊልሙ ነው ሰውን የሚለውጠው ወይስ ቀድሞም እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው እንዲህ ያለ ፊልም የሚመርጠው?

መልስ፦ ባለሙያዎችም የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው፤ እኔ ሁለቱም አሉ ባይ ነኝ። ብዙዎቹ ጥናቶች ሰዎችን የጠየቁት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የትኛው እንደቀደመ አይለዩም። የሚሺጋኑን የመሰሉ ሙከራዎች ደግሞ ፊልሙን መድበው ስለሚያሳዩ ተጽዕኖውን ይለያሉ፤ ሆኖም የሚለኩት ወዲያው ያለውን ስሜት እንጂ ከዓመት በኋላ ያለውን ትዳር አይደለም።