ውስጥ እግር ላይ ያለ ጥቁር ምልክት በአምስቱ ፊደላት ሲታይ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ውስጥ እግሯ ላይ፣ ተረከዟ አካባቢ ጥቁር ምልክት አላት። ‹ድሮም ነበረ› ትላለች፤ እኔ ግን የሰፋ መሰለኝ። ኤ ቢ ሲ ዲ ኢ የሚባለውን መለያ ኢንተርኔት ላይ አይቼ የባሰ ግራ ገባኝ። ፎቶዎቹ ሁሉ የነጮች ናቸው። ለእኛ ቆዳ ይሠራል? ካንሰር ይሆን እንዴ?»

ሰላም እህቴ። ባሕር ዳር ቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለ እግር አልፎ አልፎ ይመጣብናል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በጽሑፍ ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ ፊደላቱም አይነግሩሽም። የእነሱ ሥራ የትኛው ምልክት ቶሎ ሐኪም ፊት መቅረብ እንዳለበት መለየት ብቻ ነው።

ግራ መጋባትሽ ትክክል ነው። ፊደላቱን በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው የኒውዮርክ ሐኪሞች ናቸው። በአብዛኛው ያዩትም የነጭ ሰው ቆዳ ነው። ያኔ አራት ነበሩ። ኤ የምልክቱ ሁለት ጎን አለመመሳሰል ነው። ቢ ጠርዙ ነው። ሲ ቀለሙ ነው። ዲ ስፋቱ ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ያሳስባል ይላሉ። እርሳስ ጫፍ ላይ ያለችው ላጲስ ስፋቷ ወደዚያ ይጠጋል። አምስተኛዋ ኢ፣ ማለትም ለውጥ፣ የተጨመረችው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ለእናትሽ ዓይነት እግር ከሁሉም የምትበልጠው ይህችው የመጨረሻዋ ናት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ እምብዛም አይታይም። ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። ሰው «ፀሐይ ነው ያመጣው» ይላል። የጣና ዳር ፀሐይ መቼም የታወቀ ነው፤ ግን ውስጥ እግርን አያገኘውም። ስለዚህ «እናቴ ቤት ነው የምትውለው» ማለት አያስተማምንም። ቦብ ማርሌይን የገደለው በሽታም የጀመረው እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነው። መጀመሪያ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ነው ተብሎ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር።

በሌላ በኩል ጥቁር ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ቢኖረው ምንም አይደለም። ብዙ ሰው አለው። አንዳንዱ ከ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ጠርዙም ልሙጥ አይሆንም። እነ ቢንና ዲን ብቻ ይዘን ብንወጣ ግማሹን ከተማ ክሊኒክ እናሰልፈዋለን። አጥፊውን ከማይጎዳው የሚለየው ማደጉና መለወጡ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ እግሩን አጥቢው። የምሬን ነው። እናትሽ እንሶስላ ወይም ሂና ከተጠቀሙ ቀለሙ ተረከዝ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይቆያል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፈሽ፣ አድርቀሽ፣ ከሰዓት በፊት ደጅ ላይ በብርሃን እዪው። ጫማ የፈተገው ቦታ ላይ ደም ከጠነከረው ቆዳ ሥር ተቋጥሮ ጥቁር ሊመስል ይችላል። እሱ የደረቀው ቆዳ ሲላጥ አብሮ ይሄዳል። ሙጃሌም ከሆነ መሐሉ ጥቁር ነጥብ ያለበት ነጭ እብጠት ነው፤ ያሳክካል፣ ያምማል፣ የመጣውም በቅርቡ ነው። ኪንታሮት ደግሞ ላዩ ሻካራ ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ የውስጥ እግር መስመሮች እሱ ጋ ሲደርሱ ይቋረጣሉ።

አሁን አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደተሠራ ላሳይሽ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ሃምሳዎቹን ያለፉ አባት ናቸው። ተረከዛቸው አጠገብ ምልክት ነበረ። ሌላ ቦታ ኪንታሮት ነው ተብለው የሚቀባ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ቀቡት፣ ላዩ ተላጠ፣ ጥቁሩ ግን አልለቀቀም። እኛ ጋ የመጡት ሸበጣቸው ላይ ደም ስላዩ ነው።

አጥበን አየነው። በመሐሉ መስመር እንዳለ አስበን ሁለቱን ጎን አነጻጸርን። ወደ ጣቶቹ ያለው ጎን ጠባብና የተድበለበለ፣ ወደ ተረከዙ ያለው ሰፊና የተበታተነ ነው። ኤ አለ። ጠርዙን በዓይን ተከትለን ስንዞር፣ በአንድ በኩል ጥርት ብሎ ያልቃል። በሌላ በኩል ግን የት እንዳለቀ አይታወቅም፤ እየሳሳ ቆዳው ውስጥ ይጠፋል። ቢ አለ። ቀለሙ ከሩቅ ጥቁር ነው። ተጠግተሽ ስታዪው ቡናማ አለው፣ ግራጫ አለው፣ ደም የወጣበት ጋ ደግሞ ሮዝ ነገር አለ። ሲ አለ። ማስመሪያ አስጠግተን ረጅሙን ጎኑን ስንለካ 11 ሚሊ ሜትር ሆነ። ዲም አለ።

ኢን ግን በዓይን አታገኚያትም። መጠየቅ አለባት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልናቸው። «ድሮም ነበረ» አሉ፤ ልክ እንደ እናትሽ። ይህ መልስ ብዙ ሰው ያዘናጋል። ጥያቄው መቼ ወጣ ብቻ ሳይሆን ያኔ ምን ያህል ነበር ነው። ሰው ቀን አያስታውስም፣ በዓል ግን ያስታውሳል። «አምና ጥምቀት ላይስ?» ስንል ባለቤታቸው ከጎን ገቡና «ያኔማ ምስር ታክል ነበር፤ እግራቸውን ሳጥብ አይቻታለሁ» አሉ። ጨዋታው እዚያ ላይ ተለወጠ። የሌሎቹ ፊደላት ጥርጣሬ በሙሉ በባለቤታቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ጠነከረ።

ከዚያ የቆዳ ሐኪሟ በደርሞስኮፕ አየችው። ብርሃን ያለው አጉሊ መነጽር ነው። ውስጥ እግር ላይ እንደ ጣት አሻራ ያሉ መስመሮች አሉ አይደል? ጉብ ጉብ ያለውና ጎድጎድ ያለው ተራ በተራ ይሄዳል። ላብ የሚወጣባቸው ነጫጭ ቀዳዳዎች ጉብ ባለው ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ጉዳት የሌለው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ጎድጎዳው ውስጥ ነው የሚተኛው። ሜላኖማ ግን ጉብታውን ይዞ ይሄዳል። የእሳቸው ጉብታው ላይ ነበር። ይህን በስልክ ካሜራ አጉልቼ እለያለሁ እንዳትዪ፤ ስልክ ጥላውንና ቀለሙን ያምታታል።

ቀጥሎ ባዮፕሲ ሆነ። በማደንዘዣ ምልክቱ በሙሉ፣ ዙሪያውን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጤናማ ቆዳ ተጨምሮ ተቆረጠና ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ሄደ። ውጤቱ ሜላኖማ አለ፤ ጥልቀቱ 0.7 ሚሊ ሜትር። ከስፋቱ ይልቅ ይህች ቁጥር ናት ወሳኟ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ገና መጀመሪያው ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይበቃል። ከ4 በላይ ከሆነ ግን የመዛመቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ለሳቸው ከጠባሳው ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ በድጋሚ ተቆረጠ። ብሽሽታቸው ላይ ያሉት ንፍፊቶች ተዳሰሱ፤ ያበጠ አልተገኘም። አሁን በየጊዜው እየመጡ ይታያሉ። እግራቸው ተረከዙ ላይ ጠባሳ አለው፣ ትንሽም ያነክሳሉ፤ ዓሣውን ግን አልተዉትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚያናድደኝ ነው። ምልክቱን በምላጭ መቁረጥ፣ በፈረስ ጭራ ማሰር፣ በአሲድ ማቃጠል አለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በኤሌክትሪክ አቃጥለው «ጠፋ» ብለው ይልካሉ። ላዩ ይጠፋል፤ ሥሩ ከቀረ ከጠባሳው በታች ያድጋል። የተቃጠለ ሥጋ ደግሞ ጥልቀቱ አይለካም። ስለዚህ ማንም «ላንሳልሽ» ካለ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «የተነሳው ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ይሁን። አይላክም ካለ ተነስታችሁ ውጡ።

ፊደላቱ የሚያመልጧቸውም አሉ። ጭራሽ ጥቁር ያልሆነ፣ ሮዝ መስሎ የማይድን ቁስል የሚመስል ሜላኖማ አለ፤ ሲ እሱን አታይም። ክብና ጠንካራ ሆኖ በሳምንታት ውስጥ ወደ ላይ የሚያድግም አለ። እሱ ኤንም ቢንም ያለ ችግር ያልፋል። ሁለቱንም የምትይዛቸው ኢ ናት። ጥፍር ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር በብዙ ጣት ላይ ካለ በእኛ ሰው የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ከያዘ፣ ያኔ አታመንቺ። ተመቶ ደም የቋጠረ ጥፍር ከሆነ ጥቁሩ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይገፋል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ግን በወር 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለሚያድግ ጨርሶ እስኪወጣ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ወደ እናትሽ ልመለስ። ቅዳሜና እሁድ ዘጌ ከሄድሽ እግራቸውን አጥበሽ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጊና በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን እግሩ በሙሉ እንዲታይ አድርገሽ። ሌላውን ውስጥ እግራቸውንም እዪ፤ እዚያም ተመሳሳይ ነጠብጣብ ካለ ትንሽ ያረጋጋል። ከዚያ በበዓል እየቆጠርሽ ጠይቂያቸው። እሳቸው ካላስታወሱ እግር የሚያጥብላቸውን ሰው ጠይቂ። የቆየ ፎቶ ካለ፣ ባዶ እግራቸውን ተቀምጠው የተነሱት እንኳ ቢሆን፣ ፈልጊው።

አንቺ «የሰፋ መሰለኝ» ብለሻል። እኔ ብሆን በዚህ ብቻ እወስዳቸው ነበር። ‹ወር ጠብቄ ልለካው› የሚባለው ለውጥ ላልተጠረጠረበት ምልክት ነው። ከደማ፣ ከቆሰለ ወይም ብሽሽት ላይ እብጠት ካለ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል በዚሁ ሳምንት ይምጡ። ካርድ ስታወጡ «ኪንታሮት ነው» እንዳትዪ፤ ወደ ሌላ ክፍል ሊመሯችሁ ይችላሉ። «ውስጥ እግር ላይ ያለ፣ እየሰፋ የመጣ ጥቁር ምልክት» በይ። ሪፈር ካስፈለገ ዘጌ ያለው ጤና ጣቢያ ይጽፍላችኋል። የቀባችሁት ነገር ካለ እሽጉን ይዘሽ ሂጂ፤ በጉዞው ጠዋት ግን ምንም አትቀቢው።