C20/25 እንዳለ ይቀመጥ፣ ፌሮም ፌሮ ይባል

ጥያቄ፦ «የሕንፃችንን የኮንክሪትና የአፈር ምርመራ ሪፖርት ለቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱን ቃል እዚህ እንዲህ፣ እዚያ እንዲያ እያልኩ ተምታታብኝ። ኮዶቹንና መለኪያዎቹንስ ምን ላድርጋቸው?»

ወንድሜ፣ እንዲህ ዓይነት ሪፖርት በተደጋጋሚ ተርጉሜያለሁ። ለጊዜው ትርጉሙን አቁምና ሪፖርቱን ሙሉውን አንዴ አንብበው። ስታነብ የሚደጋገሙትን የሙያ ቃላት በሰንጠረዥ ያዝ። ሦስት ክፍል ይበቃዋል፤ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የመረጥከው አማርኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ይህን አትጠቀም»። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሦስተኛው ነው።

ለምሳሌ «ፌሮ» ብለህ ከመረጥክ፣ «ብረት» እና «የማጠናከሪያ ብረት» ሦስተኛው ክፍል ይገባሉ። ፌሮን የመረጥኩት ፎርማኑም የማኅበሩ ሰብሳቢም የሚሉት እሱን ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ያው ሪፖርት የጣሪያውን ተሸካሚ ብረትም ያነሳ ይሆናል። ሁለቱንም «ብረት» ካልካቸው፣ ዝገት ታየበት የተባለው የቱ እንደሆነ አንባቢ በምን ያውቃል?

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ጭነት፣ ውጥረትና ጥንካሬ ናቸው። ጭነት ኮሎኑ ላይ የሚያርፈው ነው፤ መለኪያው kN ነው። ውጥረት ያ ጭነት ለኮሎኑ የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ መለኪያው MPa ነው። ጥንካሬ ደግሞ ኮንክሪቱ ሳይሰበር ሊችለው የሚችለው ትልቁ ውጥረት ነው፤ የሱም መለኪያ MPa ነው። ሁለቱ መለኪያ ስለሚጋሩ፣ በቃል ካልለየሃቸው ቁጥሩን አይቶ የሚለይልህ የለም። «ጫና» የሚለውን ቃል ከናካቴው ተወው፤ ለሦስቱም የሚመስል ስለሆነ ሁሉንም ያደበላልቃል።

ኮዶቹን በግዕዝ ፊደል አትጻፍ፣ አታሳጥርም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ በEBCS 2፣ C25 ማለት በ28 ቀን የኩብ ጥንካሬው 25 MPa የሆነ ኮንክሪት ነው። በአዲሱ ES EN 1992 ይኸው ኮንክሪት C20/25 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር በሲሊንደር ቅርጽ ናሙና፣ ሁለተኛው በኩብ ቅርጽ ናሙና የሚለካው ጥንካሬ ነው። እንግዲህ አንድ ተርጓሚ ለማቅለል ብሎ C20 ብቻ ቢጽፍ፣ በአሮጌው ኮድ የለመደ ሰው የኩብ ጥንካሬ 20 ብሎ ያነበዋል። 5 MPa በአንድ ቁራጭ ምልክት ጠፋ ማለት ነው። ሪፖርቱ C25 ካለም C25 ብለህ ተወው፤ አንተ ወደ አዲሱ አትቀይረው።

የአማርኛ ቅጥያ ኮድ ላይ ሲለጠፍ ነገሩ ይበላሻል። «በC20/25ቱ ኮሎን» ከማለት የአማርኛውን ስም ፊት አስቀድመህ ቅጥያውን ለሱ ስጠው። እንዲህ፦ «በአክሲስ B-3 ላይ ባለው ኮሎን (የኮንክሪት ደረጃ C20/25) የ28 ቀን የኩብ ጥንካሬ 21.4 MPa ሆኖ ተለክቷል።» ቁጥሩና መለኪያው በመስመር መጨረሻ እንዳይለያዩ በመካከላቸው በዎርድ Ctrl+Shift+Space ተጫን። የትልቅና የትንሽ ፊደል ነገርም ቀልድ አይደለም። MPa ሜጋፓስካል ነው፤ mPa ሚሊፓስካል ነው።

ለማኅበሩ አባላት kPa ባዶ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጽሑፉ ውስጥ አትቀይር። መጀመሪያው ገጽ ላይ ባለው መግለጫ አንድ ጊዜ «200 kPa በካሬ ሜትር ወደ 20 ቶን ገደማ ነው» በል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ kPa ብቻ። እዚህ ቶን፣ እዚያ kPa ካደረግከው ማነጻጸር አይቻልም።

ስትጨርስ ሦስተኛውን ክፍል ይዘህ አንድ በአንድ ፈልግ። እዚህ ላይ አማርኛ ያስቸግራል። ለምሳሌ «ኮሎን» ብለህ መርጠህ ሦስተኛው ክፍል ያስገባኸውን «ዓምድ» ብትፈልግ «አምድ» ያመልጥሃል። በዎርድ መፈለጊያ ውስጥ Use wildcards የሚለውን አብራና ይህን ጻፍ፦

```
[አዓዐኣ]ምድ
```

«ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ምርጫ ያን ጊዜ አይሠራም፤ ይህም ይሻላል፤ ቢሠራ ኖሮ «የዓምዱ» እና «በዓምዶቹ» ይቀሩብህ ነበር። የተገኘውን ሁሉ በጅምላ ሳይሆን እያየህ ወደ ኮሎን ቀይር፤ የሰንጠረዥ ዓምድም አብሮ ይመጣልና።

በመጨረሻ ቁጥሮቹን ብቻ አመሳክር። አንድ ሰው ከእንግሊዝኛው ቁጥሩን ከነመለኪያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልህ፤ አንተ በአማርኛው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሰንጠረዦቹንና የሥዕል መግለጫዎቹን አትዝለል፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው።