ባሕር ማዶ ሆኖ ለትዳር ጓደኛ ስለሚጻፍ ደብዳቤ፦ ጥያቄና መልስ

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ እሑድ እረፍት ወጥተን ዶራ ስንገናኝ፣ መጻፍ የማይችሉ ጓደኞቼ ለባሎቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ከገባሁም በኋላ ከውጭ የሚመጣላቸውን እንዳነብላቸው የሚጠሩኝ ጎረቤቶች አሉ። የጠየቃችሁኝን በዚህ ልምዴ እመልሳለሁ።

ከሪያድ፦ «ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» እልና ቃል ያልቅብኛል። ከዚያ በኋላ ምን ይጻፋል?

መግቢያውን እንዳትተዪው። እናቶቻችንም አባቶቻችንም የጀመሩት በሱ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ደብዳቤ ሲከፍት ይጠብቀዋል። ችግሩ ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው። አብዛኞቻችን «ሌት ተቀን የማስበው አንተን ነው፣ ያለ አንተ ሕይወቴ ባዶ ነው» ብለን እንቀጥላለን። ውሸት አይደለም። ግን ማንም ሚስት ለማንም ባል ልትጽፈው ትችላለች። የሱ መልክ የለበትም።

አንዲት ጓደኛዬ ያጻፈችኝን ልንገርሽ። ባሏ ሐይቅ አካባቢ ገበሬ ነው። «ናፍቀኸኛል በዪልኝ» አለችኝ። መቼ ነው የናፈቀሽ? አልኳት። «ሁሌም» አለች። ሁሌን ተዪው፣ ትናንት መቼ ናፈቀሽ? አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ማታ ሥራ ጨርሳ ሻይ ስትጠጣ መሆኑን ነገረችኝ። ለምን ሻይ ላይ? ባሏ ሻይ ሲጠጣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ለሷ ይተውላት ነበር። ስኳሩ ከሥር ስለሚቀር በጣም ይጣፍጣል። እንዲህ ብለን ጻፍን፦

«ሥራ የምጨርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ሰሐኑን አጥቤ፣ ወለሉን ወልውዬ፣ እዚያው ኩሽና ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። ከሥሩ የቀረውን አልጠጣውም፤ ያንተ ድርሻ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያኔ ስትተውልኝ፣ ስኳሩ ከሥር እንደሚቀር አውቀህ ነው? ወይስ በቃኝ ብለህ ነው? መልስልኝ።»

እዚህ ውስጥ «እወድሃለሁ» የሚል ቃል የለም። ሰዓቱ አለ፣ የቆመችበት ቦታ አለ፣ እሱ ያደርግ የነበረው ነገር አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በ«ደህና ነኝ» የማይመለስ ጥያቄ አለ። «እንዴት ነህ?» ካልሽው «ደህና» ይልሻል፤ እዚያው ያልቃል። ይህን የተጠየቀ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። ባሏ የመለሰላትን እኔው ነበርኩ ያነበብኩላት። «ሳላማስል የምጠጣው ለምን ይመስልሻል?» ይላል። ደጋግሜ አስነበበችኝ።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳትሽ በፊት ትናንት ምን እያደረግሽ ሳለ ትዝ እንዳለሽ አስቢ። ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ጻፊ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሌላው ለሚቀጥለው ይቆይ።

ከዱባይ፦ በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ከባለቤቴ ጋር በየቀኑ በቪዲዮ እንተያያለን። ስልክ ካለ ደብዳቤ አያስፈልግም።

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ልጅ ሲታመም፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ ሰው ሲሞት ስልክ ነው የሚያስፈልገው። ግን የቪዲዮ ጥሪያችሁን እስቲ ልብ ብለህ ተመልከተው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ «ይሰማል? ይሰማል?» ትባባላላችሁ፣ ልጆቹ ስልኩን ይቀማሉ፣ ጎረቤት ገብቶ ሰላም ይልሃል። አንተም ክፍል የምትጋራቸው ልጆች አጠገብህ ተኝተዋል። ባልና ሚስት የሚባባሉት ነገር መቼ ተባለ? ደግሞ ጥሪ አንዴ ከተዘጋ ተመልሶ አይሰማም። አገር ቤት የቀረችው ሚስት ብቻዋን የምትሆነው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አንተ ያኔ ሥራ ላይ ነህ፣ ወይ ደክሞህ ተኝተሃል። በዚያ ሰዓት አውጥታ የምታነበው ነገር ነው የጎደላት።

በፖስታ ላክ አላልኩህም። አገራችን ውስጥ ደብዳቤ የሚደርሰው ፖስታ ሣጥን ላለው ሰው ነው፣ ብዙው ቤት ደግሞ የለውም። በወረቀት ላይ በእጅህ ጻፍና ፎቶ አንስተህ ላክላት። እዚያ ዋትስአፕ መደወል ባይሠራም ፎቶና የድምፅ መልእክት ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በወረቀት እንድታሳትመው ንገራት። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ መልእክቱ አብሮ ይጠፋል። ወረቀቱን ስትጽፍ ከላይ ቀኑን በኛ አቆጣጠር አስፍርበት። ሰው ወደ አገሩ ሲገባ ካገኘህ ደግሞ ዋናውን ላክላት። የእጅ ጽሑፍህ ያረፈበትን ወረቀት መያዝ ሌላ ነው።

ከኩዌት፦ ባሌ ማንበብ አይችልም። የሚያነብለት የወንድሙ ልጅ ነው፣ ገና ልጅ ነው። አማቴም አብራ ቁጭ ብላ ትሰማለች። እንዴት ብዬ ልጻፍ?

ይህ ብዙዎቻችን ያለንበት ነገር ነው። ለሁለት ክፈዪው። ወረቀቱ ለቤቱ ሁሉ ይሁን። አማትሽን በመጀመሪያ ጥሪ፣ ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው። አንዱን ከረሳሽ ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ ወቀሳውን የሚሰማው ባልሽ ነው። የሱን ደግሞ በድምፅ ቅጂለት፣ አጭር አድርገሽ። ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓት ጠይቂውና በዚያ ሰዓት ላኪለት። ቮይሱ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የሚያሳፍር እንዳይሆን፣ «ብቻህን ነህ?» ብለሽ ትንሽ ዝም ብትዪ ጥሩ ነው። ከሰው መሐል ከሆነ ያቋርጠዋል።

የድምፅ መልእክት የሚቀበል ስልክ ከሌለው ግን ያለን ሰምና ወርቅ ነው። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ነገር አይጠፋም። «ከገበያ ስንመለስ ዝናብ ያስጠለለን ሾላ አሁንም አለ?» ብለሽ ብትጽፊ፣ ልጁ ስለ ዛፍ ያነባል፣ አማትሽም ስለ ዛፍ ትሰማለች። ባልሽ ግን የሰማው ሌላ ነው።

ከጣልያን፦ ደብዳቤ የምትሉት ውክልናን ነው? ባለቤቴ በእኔ ስም ያለውን ቦታ እንድትሸጥ ፈልጌ ነበር። በእጄ ጽፌ ብልክላት ይበቃል?

አይበቃም፣ ወንድሜ። የኔ ወሬ ስለ ናፍቆት ደብዳቤ ነበር፤ ቢሆንም ጠቃሚ ነገር ነው ያነሣኸው። ውክልና ባለህበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበህ ነው የምትሰጠው። ባለቤትህ ምን ምን ማድረግ እንደምትችል በዝርዝር ይጻፍበት፤ መሸጥ የሚለው በግልጽ ካልሰፈረ አያሠራትም። ከናፍቆት ደብዳቤህ ጋር ግን አትቀላቅለው። የሽያጭ ነገር ያለበትን ደብዳቤ ማንም ለፍቅር ብሎ ደጋግሞ አያነበውም።

ከደሴ፦ እኔ አገር ቤት ሆኜ የምጠብቀው ነኝ። ሚስቴ ጅዳ ናት። የምትጽፍልኝ ሁሉ «ብሩ ደረሰ? ለማን ሰጠህ? ምን ገዛህበት?» ነው። ፍቅር የለበትም።

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። አንድ ነገር ግን አስብላት። እሷ ያንን ብር ያገኘችው ሌሊቱን ቆማ ነው። የት እንደገባ ካላወቀች ድካሟ የት እንደገባ አታውቅም። ስለዚህ አንተ ቅደም። የገንዘቡን ነገር ለብቻው ጻፍላት፤ ስንት እንደደረሰህ፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ለምን እንደዋለ። ሳትጠየቅ ከነገርካት ጥያቄው ይቀንሳል።

ከዚያ በሌላ መልእክት ያ ብር ምን እንደሆነ አሳያት። አንድ የማውቀው ባል ሚስቱ በላከችው ብር የቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ አለበሰ። «ቆርቆሮ ገዝቻለሁ» ብሎ አላበቃም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቀድቶ ላከላትና ከሥሩ «ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ልጆቹ ሳይነቁ አደሩ፤ የድሮው ያፈስብን የነበረበት ጥግ አሁን የምተኛበት ነው» ብሎ ጻፈላት። ድምፁን እየደጋገመች ትሰማው እንደነበር የነገረችኝ እሷው ናት።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ። በረመዳን ድምፅዋ ቢጠፋ አትቀየማት። የኢፍጣር ዝግጅት አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሌሊቱም እስከ ሱሁር ሥራ ነው። ቀኑን ደግሞ ቤቱ ሲተኛ እሷ ታጸዳለች። እህቶች፣ እናንተም ይህን አስቀድማችሁ ጻፉ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ዝም ብል ሥራ በዝቶብኝ ነው» የምትል አንዲት መስመር ስንት ጥርጣሬ ታስቀራለች።

ከአሜሪካ፦ ሚስቴን ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ። የፍቅር ደብዳቤ ማስረጃ ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ብዙ ልጻፍ?

የተጻጻፋችሁት ነገር ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ሊገባ ይችላል። በአማርኛ ከሆነ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ ከተርጓሚው ፊርማና ማረጋገጫ ጋር ያስፈልገዋል። ግን ለኢሚግሬሽን መኮንኑ ብለህ አትጻፍ። በአንድ ሳምንት የተጻፈ ክምር ደብዳቤ ያስታውቃል። ዛሬ ለሷ ብለህ ጻፍ፣ ቀን አስፍርበት፣ ፖስታውንም አትጣለው። የቀረውን ጠበቃህ ይንገርህ።

ከቤይሩት፦ ማዳም ትጮህብኛለች፣ የምበላውም አይበቃኝም። ለባሌ ልጻፍለት ወይስ ልደብቀው?

መጀመሪያ የምለየው ነገር አለ። ደሞዝ ከተከለከልሽ፣ ከተመታሽ፣ በር ከተቆለፈብሽ ይሄ የደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ደውለሽ ለሱም ለቆንስላውም ንገሪ። የምትሠሪበትን ቤት አድራሻና የአሠሪሽን ስልክ ባልሽ እጅ አስቀምጪ፤ የሆነ ቀን የሚፈልግሽ ሰው ከየት እንደሚጀምር ማወቅ አለበት።

የዕለት ተዕለቱን ምሬት ግን እኔ ጻፊው ባይ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያልሽ ከከረምሽ፣ ስትመለሺ የሚጠብቅሽ ሰው ያሳለፍሽውን አያውቅም። ለጓደኞቼ ስጽፍላቸው የነገሩን መጨረሻም እንዲነግሩኝ እጠይቃቸው ነበር። «ትናንት ጮኸችብኝ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ፤ ማታ ከፊሊፒኗ ልጅ ጋር ሳቅን።» እንዲህ ሲሆን የሚያነበው ሰው እንባሽ ላይ አይቀርም።

አንድ አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ፦ እኔ አልስማማም። ሚስቴ እንዲህ ያለ ነገር ጽፋልኝ ሌሊቱን ስዞር ነው ያደርኩት። ከዚህ ሆኜ ምን አደርግላታለሁ? ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ፣ ይሄንን እውነት አይደለም ልልህ አልችልም። አንዳንዱ ባል አብሮ መሸከም ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ መስማት ይገድለዋል። የትኛው እንደሆነ እኔ ከሩቅ ሆኜ አላውቅም። ከቤይሩት የጠየቅሽኝ እህቴ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው። «ክፉውንም ልጻፍልህ ወይስ ስመጣ ልንገርህ?» በዪው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በአንድ ደብተር ላይ ለራስሽ ጻፊው፤ ቀኑን እያሰፈርሽ።