ቪዛው እውነተኛ፣ ሥራው ውሸት

ልጆች፣ ስለ ውጭ አገር ሥራ ስትጽፉልኝ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ቪዛው ትክክለኛ መሆኑን በምን ልወቅ?" ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝ ውስጥ በነርስነት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካየኋቸው ክፉኛ ከተጎዱ ሰዎች ብዙዎቹ ቪዛቸው እውነተኛ ነበር። ውሸት የነበረው ሥራው ነው።

አንዷን ልንገራችሁ። በ2023 ነው የመጣችው፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ልትንከባከብ። ለደላላው 9,000 ፓውንድ ከፍላለች፣ "የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ዋጋ ነው" ተብላ። ቀጣሪው ድርጅት መንግሥት በሚያወጣው የስፖንሰሮች መዝገብ ላይ ስሙ አለ፣ እሷም ይህንን አይታ ነው ያመነችው። ከደረሰች በኋላ ግን "ፈረቃ የለም፣ ጠብቂ" ብቻ ሆነ መልሱ። በሦስት ወር ውስጥ የሠራችው ዘጠኝ ቀን ነው። ስትጠይቃቸው ቪዛሽን እናሰርዛለን ይሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስፖንሰር የመሆን ፈቃድ ያለው ድርጅት ለሚቀጥረው ሰው ሰርተፊኬት ያወጣል፤ ሰርተፊኬት የሚባለውም ቁጥር ያለው የኮምፒውተር መዝገብ ነው። አሥር ሰው የሚያሠራ ሥራ ብቻ ያለው ድርጅት ለአርባ ሰው ሰርተፊኬት ማውጣት ከቻለ፣ ሠላሳውን በደላላ ይሸጠዋል። ቪዛ ሰጪው ወረቀቱ መሟላቱን ያያል እንጂ እዚያ ሄዶ ሥራው መኖሩን አይቆጥርም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ስም መኖሩ የግድ ነው፣ ግን አይበቃም።

ከሁሉ በፊት የምታዩት ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል ነው። በእንግሊዝ የሰርተፊኬቱ ክፍያ በሚያዝያ 2025 525 ፓውንድ ሆኖ ነበር፣ የሚከፍለውም ቀጣሪው ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ቀጣሪው ይህንን ክፍያ በባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ በሚቀጥረው ሰው ላይ እንዳያዞር ተከልክሏል። እናንተ የምትከፍሉት የቪዛ ማመልከቻ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የጤና ምርመራ ነው፤ ትኬቱንም ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ትችሉታላችሁ። ለሥራው ለራሱ ዋጋ የጠራላችሁ ሰው ካለ እዚያው ላይ አቁሙ።

ቀጥሎ ድርጅቱን ፈትሹት። ልጅቷ እኔ ጋ የመጣችው ዘግይታ ነው፣ ቢሆንም አንድ ማታ አብረን ተቀመጥንና ካምፓኒስ ሀውስ የሚባለውን የመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ ከፈትን፤ ነፃ ነው፣ ከየትም ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ድርጅቱ የተቋቋመው እሷ ከመምጣቷ ስምንት ወር በፊት ነበር። የእንክብካቤ ተቋማትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ገጽ ላይም አንድ ጊዜ እንኳ አልተፈተሸም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። ይህንን ከመክፈሏ በፊት ብታየው እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በነገራችን ላይ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ እንግሊዝ ለእንክብካቤ ሠራተኛነት ከውጭ አዲስ ሰው መቀበል አቁማለች። ዛሬም ይህንን መንገድ የሚሸጥላችሁ ካለ የሚሸጠው የተዘጋ በር ነው።

መንገዶቹን ስታወዳድሩ ደመወዙን ከማየታችሁ በፊት "ከቀጣሪዬ ብለያይ ቪዛዬ ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። የእንግሊዙ ከአንድ ቀጣሪ ጋር ያስራችኋል። ድርጅቱ ፈቃዱን ከተነጠቀ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት 60 ቀን ይሰጣችኋል፣ ያ ካለፈ መውጣት ነው። የካናዳው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በትምህርት፣ በቋንቋና በልምድ ነጥብ ቋሚ መኖሪያ ይሰጣል፣ ማንም ቀጣሪ አንቆ አይዛችሁም፤ ግን ፉክክሩ ከባድ ነው። እዚያም ለነጥብ ብለው የቅጥር ደብዳቤ የሚገዙ ነበሩ፣ ከመጋቢት 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የቅጥር ደብዳቤ ነጥብ አያስገኝም። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ ያለ ቀጣሪ ገብታችሁ እስከ አንድ ዓመት ሥራ የምትፈልጉበት የዕድል ካርድ አላት፤ በሳምንት 20 ሰዓት እየሠራችሁ መፈለግ ይቻላል፣ ለመኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳላችሁ ግን ታሳያላችሁ። ነርስ ከሆናችሁ ደግሞ ሙያችሁ እዚያ እስኪታወቅና ጀርመንኛችሁ እስኪበረታ በነርስነት አትሠሩም። አድካሚ ነው፣ እውነት ነው። እኔ ግን ልጄ ብትጠይቀኝ ወደ እነዚህ ሁለቱ ነው የምመራት።

ልጅቷን የቀጠራት ድርጅት በኋላ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ለእሷም የ60 ቀኑ ደብዳቤ ደረሳት። የእንክብካቤ ተቋማትን የፍተሻ ሪፖርት እያነበብን ማመልከቻ ላክንላቸው፣ በ47ኛው ቀን አንዱ ጠራት። ኃላፊዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አነጋገረቻት፤ የወደቀ አዛውንት እንዴት እንደምታነሳ፣ መድኃኒት አልወስድም ያለን ሰው ምን እንደምትለው ጠየቀቻት። ስትወጣ ስልክ ደወለችልኝና ግራ ተጋብታ "ስለ ገንዘብ እኮ ምንም አላሉኝም" አለችኝ።