«እስከ 3 ሰዓት» ሲባል የትኛው 3 ሰዓት?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመርቄ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ በሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ለወተት ማኅበር አፕ እየሠራን ነው፤ ለዲቨሎፐሮቹ ታስክ የምጽፈው እኔ ነኝ። የምጽፈው ሁሉ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። አለቃዬ ‹መስፈርቶችሽ አይፈተኑም› አለኝ። አንዱ ይኸው፦ ‹ርዕስ፦ የወተት ምዝገባን ማሻሻል። መግለጫ፦ የተሳሳተ መጠን ሲገባ ተገቢው መልእክት ይታያል። የጠዋት ወተት እስከ 3 ሰዓት ይመዘገባል። ፍጥነቱም ጥሩ ይሁን።› የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ታስክሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አማርኛው ችግር የለበትም። ችግሩ ገና ያልተወሰኑ ነገሮች የተወሰኑ መስለው መቀመጣቸው ነው። «ተገቢው መልእክት» ስትዪ የትኛው መልእክት እንደሆነ አንቺም አልወሰንሽም። ስለዚህ ዲቨሎፐሩ በራሱ ግምት ይሠራዋል። ቴስተሯም በራሷ ግምት ትፈትነዋለች። ሁለቱ ግምቶች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ታስኩ ወደ አንቺ ይመለሳል።

ከ«የተሳሳተ መጠን» እንጀምር። ይህ ታስክ ከመሬት አልተነሳም፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ተፈጥሯል። እንበልና ሰብሳቢዋ በጠዋቱ ብርድ በደነዘዘ ጣቷ 12.5 ልትጽፍ ነጥቧን ዘለለችና 125 ሆነ። ለአባሉ የ125 ሊትር ሂሳብ ተጻፈለት። እንግዲህ የምትፈልጊው ምዝገባውን «ማሻሻል» አይደለም፤ ሊሆን የማይችል መጠን እንዳይመዘገብ ማድረግ ነው። ርዕሱም ይህንኑ ይበል፦ «በአንድ ርክክብ ከ40 ሊትር በላይ እንዳይመዘገብ ማድረግ»። ይህን ያነበበ ሰው ታስኩን ሳይከፍት ምን እንደሚለወጥ ያውቃል።

40 ያልኩት ለምሳሌ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር አንቺም ዲቨሎፐሩም አታውቁትም፤ የሚያውቁት ማኅበሩ ናቸው። ሄደሽ «አንድ አባል በአንድ ጊዜ ከፍተኛው ስንት ያመጣል? ትንሹስ?» ብለሽ ጠይቂ። ምናልባት ብዙ ላም ያላቸው አንድ አባት 60 ሊትር ያመጡ ይሆናል። ያኔ 40 ብለሽ ብትዘጊው ወተታቸውን ይዘው ሊመለሱ ነው። ታስክ ጸሐፊ ቢሮ ተቀምጦ ከሚያሳምር ይልቅ አንድ ጊዜ ወተት ማሰባሰቢያው ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቁጥሩ ሲታወቅ መስፈርቱን በሚጻፈውና በሚታየው ነገር ግለጪው፦

```
ሰብሳቢዋ 40 ጽፋ «መዝግብ»ን ስትጫን፦ ይመዘገባል፤ ዝርዝሩ ላይ 40 ሊትር ይታያል።
40.1 ስትጽፍ፦ አይመዘገብም፤ «መጠኑ ከ0.5 እስከ 40 ሊትር መሆን አለበት» ይላል።
0.5 ስትጽፍ፦ ይመዘገባል። 0.4 ስትጽፍ፦ አይመዘገብም፤ ያው መልእክት ይታያል።
ሳይመዘገብ ሲቀር፦ የመረጠችው አባል ስም አይጠፋም፤ መጠኑን ብቻ ታስተካክላለች።
```

ለምን በትክክል 40ን እና 40.1ን እንደመረጥኩ አስተውዪ። ስህተት የሚደበቀው ድንበሩ ላይ ነው። ዲቨሎፐሩ «ከ40 ያነሰ» ብሎ ጽፎት ከሆነ በ20 ብትፈትኚው ያልፋል፣ በ100 ብትፈትኚውም ልክ ይመስላል። የሚያጋልጠው ራሱ 40 ነው። የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ ብዙ ጀማሪ ይረሳታል። ሰልፍ ቆሞ እየጠበቀ ሰብሳቢዋ ሁሉንም እንደገና እንድትሞላ ከተገደደች አፑን ትታ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ እኛ አገር ይህ የብዙ ራስ ምታት ምንጭ ነው። «እስከ 3 ሰዓት» ብለሻል። ለአንቺና ለማኅበሩ ይህ የጠዋቱ 3 ነው። ኮምፒውተሩ ግን 03:00ን የሚያውቀው በሌሊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ዲቨሎፐሩ ቁጥሩን እንዳለ ከወሰደው የጠዋቱ ምዝገባ ላም ሳይታለብ ተዘጋ ማለት ነው። ሁለቱንም ጻፊ፦ «ከጠዋቱ 3:00፣ በሲስተሙ ሰዓት 09:00»።

«እስከ»ም ራሷ ሁለት ትርጉም አላት። ልክ 3:00 ላይ የደረሰ ይመዘገባል ወይስ አይመዘገብም? «በ3:00 ይመዘገባል፣ በ3:01 እንደ ዘገየ ተደርጎ ይያዛል» ብለሽ ቁረጪው። እዚህ ላይም ሌላ ያልተወሰነ ነገር ብቅ ይላል፤ የዘገየው ወተት ምን ይደረግ? ይመለስ፣ ወይስ ምልክት ተደርጎበት ይመዝገብ? ይህንንም የሚመልሰው ማኅበሩ ነው።

«ይመዘገባል»፣ «ይላካል»፣ «ይረጋገጣል» የሚሉ ግሦችንም ተጠንቀቂ። አማርኛችን አድራጊውን ሳይጠራ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሰዋል። ማን ነው የሚመዘግበው? ሰብሳቢዋ? አባሉ በስልኩ? ሲስተሙ ራሱ? ባለቤቱን ስትጽፊ ግማሹ ጥያቄ ይወገዳል።

«ፍጥነቱ ጥሩ ይሁን» የሚለውን ከዚህ ታስክ አውጪው። ሌላ ሥራ ነው፤ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ስልክና የራሱ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሰብሳቢዋ በምትይዘው ስልክ፣ እዚያው ባለው ኔትወርክ፣ «መዝግብ»ን ከተጫነች በኋላ በስንት ሰከንድ ውስጥ? ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሆነውም ሦስተኛ ታስክ ነው። ርዕስሽ ውስጥ «እና» ማስገባት ካማረሽ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥራ አንድ ላይ አስረሻል።

የመዘርዘርም ልክ አለው። «ቁልፉ ቀይ ይሁን፣ ዳታቤዙ ላይ ይህን ዓምድ ጨምር» ወደሚል አትግቢ። አንቺ ውጤቱን ተናገሪ፤ እንዴት እንደሚሠራ የእነሱ ሙያ ነው።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ድሮ በሠራሁበት ቦታ ለቀን ሠራተኞች ክፍያ «በየወሩ መጨረሻ ሂሳብ ይዘጋ» ብዬ ጻፍኩ። ዲቨሎፐሩ «መጨረሻ»ን 30ኛው ቀን አደረገው፤ አልፈርድበትም። ጳጉሜ ስትመጣ 30 የላትም፤ መዝጊያው አልሠራም። የመስከረሙ ሂሳብ ደግሞ ከመስከረም 1 ጀመረ። የአምስት ቀን ደሞዝ ከመካከል ወደቀ። ለበዓል የጠበቁት ገንዘብ ነበር። እስካሁን ይከነክነኛል።

በዚህ ሳምንት ከተመለሱብሽ ታስኮች አንዱን እንደገና ጻፊና ከዲቨሎፐሩ በፊት ለቴስተሯ ስጪያት። ምንም ሳታብራሪላት «ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ? ምን ታያለሽ ብለሽ ትጠብቂያለሽ?» በያት። ልትጠይቅሽ ዞር ካለች፣ የጠየቀችበት ቦታ ላይ አንድ ያልተወሰነ ነገር አለ። እሱን ከማኅበሩ ጋር ወስኚና ሙዪው። የፊተኛውንና የኋለኛውን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ የሙከራ ጊዜሽ ሲገመገም ለአለቃሽ የምታሳዪው እሱን ነው።

የወተት ክፍያውን መዝጊያ ታስክ ስትጽፊም ጳጉሜን አትርሺ። ጳጉሜ 5፣ 2018ን እና ጳጉሜ 6፣ 2019ን መስፈርቱ ውስጥ በቀናቸው አስገቢያቸው፤ ጳጉሜ በመጀመሪያው ዓመት አምስት ቀን፣ በሁለተኛው ስድስት ቀን አላት። ከዚያ በፊት ግን የጳጉሜ ወተት ከነሐሴ ጋር ይከፈል ወይስ ለብቻው ብለሽ ማኅበሩን ጠይቂ።